600,000 ብሩ ብድር ነው ወይስ ድርሻ?

ጥያቄው

«የምኖረው አዳማ ነው። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር የአልሙኒየም በርና መስኮት ወርክሾፕ ልንከፍት ነው። እሱ 900,000 ብር ያወጣል፣ እኔ 300,000። እሱ የራሱ ሥራ ስላለው ብቅ የሚለው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። እኔ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ቀን እገባበታለሁ፤ ሙያውም የኔ ነው። ፒኤልሲ ልናቋቁም ነው። እሱ 75 ለ25 ይሁን ይላል፣ እኔ እኩል ባይ ነኝ። የቱ ነው ትክክል?»

የወርክሾፕ ባለቤቱ

ወንድሜ፣ 900,000 ብር አውጥተህ ግማሹን ለጓደኛ እንዳትሰጥ። እኔ ሰጥቼ አይቼዋለሁ።

በ2003 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የብረት በር መሥሪያ ከፈትን። እኔ 80,000 ብር አወጣሁ፣ እሱ 20,000። በመካከላችን ብር አይገባም ብለን እኩል ጻፍን። በ9ኛው ወር ሰውየው ወደ ውጭ ሄደ። አልተጣላንም፣ ጥሩ ዕድል አገኘና ሄደ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ስበይድ እሱ በወረቀት የግማሹ ባለቤት ሆኖ ቀረ። ባንክ ብድር ስጠይቅ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል አሉኝ። ውክልና ልኮልኝ እስኪደርስ 4 ወር አለፈ። በዚያ መሃል የአንድ ትምህርት ቤት የመስኮት ሥራ አመለጠኝ። በመጨረሻ ድርሻውን የገዛሁት ካዋጣው አምስት እጥፍ ከፍዬ ነው።

ስለዚህ ድርሻ በብር ልክ ይሁን። 900,000 ከ1,200,000 ውስጥ 75 በመቶ ነው፣ አለቀ።

የሂሳብ ባለሙያዋ

ጋሼ፣ የደረሰብዎትን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ግን ጠያቂው 300,000 የሚያወጣው ነው። ሥራውን ለቅቆ የሚገባውም እሱ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ጫማ ያደረገው ጓደኛው አይደለም። እርስዎ ብሩንም ጉልበቱንም ያወጡት ብቻዎን ነበር። እዚህ ብሩ በአንድ ወገን፣ ጉልበቱ በሌላ ወገን ነው።

የአነስተኛ ድርጅቶችን ሂሳብ እሠራለሁ። የማየው ስህተት ሁሌም አንድ ነው፤ የወጣውን ብር በሙሉ ድርሻ ያደርጉታል። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ 1243/2013 መሠረት፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ለመመሥረት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። 1,200,000ውን በሙሉ ካፒታል አድርጎ የማስመዝገብ ግዴታ የለም።

ስለዚህ እያንዳንዳቸው 300,000 ያዋጡ። ካፒታሉ 600,000 ይሆናል፣ ድርሻውም እኩል። ሁለቱም የድርሻቸውን ዋጋ በጥሬ ብር ከፍለዋልና ማንም በችሮታ አልተሰጠውም። የቀረውን 600,000 ጓደኛው ለድርጅቱ ያበድር። ወርክሾፑ በወር 20,000 ከመለሰ በ30 ወር ይጠናቀቃል። ትርፍ የሚካፈሉት የየወሩ ክፍያ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ብር አንዴ ይገባል፣ ሲመለስ ያበቃል። ድርሻ ግን ድርጅቱ እስካለ ድረስ ይኖራል። አንዴ የገባ ብር ለዘላለም ሦስት አራተኛውን ትርፍ ሊወስድ አይገባም።

የወርክሾፕ ባለቤቱ

ልክ ነሽ እህቴ፣ ገልብጬ ነው ያነበብኩት። ይቅርታ፣ ወንድሜ። መልሴ ግን አይቀየርም፤ እንዲያውም ባሰ።

ገና ያልተከፈተ ወርክሾፕ ማበደር ማለት ምን እንደሆነ አስቢው። ባንክ ያለ መያዣ አያበድረውም። ጓደኛው ግን ያለ መያዣ ይስጥ ነው የምትይው። ቢከስር ብሩ ሄደ፣ ቢያተርፍ ደግሞ የራሱ ብር ብቻ ይመለስለታል። ባለ ብሩ ኪሳራው ላይ ሙሉ፣ ትርፉ ላይ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ፍርዱ ወዴት አለ?

የሂሳብ ባለሙያዋ

እስቲ ሲከስር እንይ። ወርክሾፑ በዓመቱ ተዘጋ እንበል። መቁረጫ ማሽኑና የቀረው የአልሙኒየም ፕሮፋይል ተሸጦ፣ የነጋዴዎች ዕዳ ተከፍሎ 250,000 ተረፈ። እርስዎ ባሉት በ75 ለ25 ቢሆን ጓደኛው 187,500፣ ጠያቂው 62,500 ይወስዳሉ። በብድሩ መንገድ ግን አበዳሪ ከባለድርሻ ይቀድማል። 250,000ው በሙሉ የጓደኛው ነው፣ ጠያቂው ባዶ እጁን ይወጣል። ስለዚህ ብድሩ ባለ ብሩን በክፉ ቀን የበለጠ ይጠብቀዋል።

ብድሩ ግን በወረቀት ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነን ብድር በሰው ምስክር ማስረዳት አይቻልም፣ ጽሑፍ ይጠይቃል። ወለድም ካልተስማሙ የለም። ከተስማሙም በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። በ12 ቢጽፉት የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ወደ 60,000 ብር ይጠጋል። ባለ ብሩ እንግዲህ «የራሱን ብር ብቻ» አይደለም የሚያገኘው።

የወርክሾፕ ባለቤቱ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሲዘጋ በብድሩ እንደሚሻለው ተቀብያለሁ።

12 በመቶ ግን አያሳምነኝም። አልሙኒየም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ዶላር በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ዛሬ በ600,000 የምገዛውን ፕሮፋይል ከ30 ወር በኋላ በዚያ ብር አልገዛውም። ድርሻ ከዕቃው ጋር አብሮ ያድጋል፣ ብድር ግን ባለበት ይቆማል።

ሌላው ደግሞ ሙያው ነው። አንቺ ሙያውን ግማሽ ድርጅት አደረግሽው። ሙያ ደመወዝ አለው። ጥሩ አልሙኒየም ሠሪ እቀጥራለሁ፣ በወር እከፍለዋለሁ። ድርሻ ስጠኝ አይለኝም።

የሂሳብ ባለሙያዋ

የዋጋው ነገር እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። የክፍያ ጊዜውን ከ30 ወር ወደ 20 ማሳጠር ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም።

ሙያው ላይ ግን አልስማማም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ መስኮት እናስብ። ፕሮፋይል በ6 ሜትር ዘንግ ነው የሚመጣው። የአንድ ደንበኛዬ ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ተቀጣሪው አንዱን መስኮት ከአንድ ዘንግ ይቆርጣል፣ 1 ሜትር ከ20 ይተርፈዋል፣ ግድግዳ ሥር ይጥለዋል። ባለቤቱ መጥቶ ሥራውን አስቆመ። የሁሉንም መስኮቶች ልክ ጻፈ። ከአንድ ዘንግ ባለ 1 ሜትር ከ40 ሁለት፣ ባለ 1 ሜትር ሦስት እንዲወጣ አደረገ። የምላጩ ብናኝ ሲቀነስ 20 ሳንቲም እንኳ አልተረፈም። ተቀጣሪው ይህን ማድረግ አቅቶት አይመስለኝም። ግን የሚጣለው ዘንግ የሱ አይደለማ!

ደመወዝ ደግሞ ሲከፈል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ደመወዝ የሚወስድ መሥራች አላየሁም።

የወርክሾፕ ባለቤቱ

የዘንጉን ነገር ያነሳሽው ልቤን ነካው። ብጣሹን እያየሁ ምሳ ሳልበላ የዋልኩበት ቀን አለ።

እንግዲያው ያልተከፈለውን ይጻፈው። እንዲህ ያለ ሙያተኛ ሌላ ቦታ 20,000 የሚያገኝ ከሆነና ከወርክሾፑ 8,000 ብቻ ከወሰደ፣ የቀረው 12,000 በየወሩ በሱ ስም ይመዝገብ። በ24 ወር 288,000 ይሆናል። ከ300,000ው ጋር 588,000። የጓደኛው 900,000። ያኔ የጠያቂው ድርሻ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ይህንን ሠርቶ ያገኘው ስለሆነ ቅር አይለኝም። በመጀመሪያው ቀን ግማሹን አንሳ ማለት ግን የኔን ታሪክ መድገም ነው። ነገ ሥራው ቢሰለቸውስ? ካናዳ ቢሄድስ?

የሂሳብ ባለሙያዋ

ጋሼ፣ እርስዎ ችግሩ ግማሹ ነው ብለው ነው የያዙት። እኔ ግን ችግሩ ቀኑ ነው ባይ ነኝ። ጓደኛዎ በ9ኛው ወር ሲሄድ ያልሠራበትን ይዞ ሄደ። 25 በመቶም ቢሆን ኖሮ፣ ያው ፊርማ ፍለጋ ነበር።

ስለዚህ እኩል ይሁንና የጠያቂው ድርሻ በ4 ዓመት ይጽና። ሁለቱ ከመመሥረቻ ጽሑፉ ጎን ስምምነት ይፈራረሙ። ጠያቂው ዓመት ሳይሞላው ከወጣ ድርሻውን በሙሉ ባዋጣው ዋጋ ለጓደኛው ይሸጣል። 300,000ውን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላ የለውም። ዓመት ከሞላው ሩቡ ጸንቶለታል፣ የቀረውን በዚያው ዋጋ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ በየወሩ እየጸና ይሄዳል። በ4ኛው ዓመት መጨረሻ ማንም አይነካበትም። የመመለሻ ዋጋው አሁኑኑ ካልተጻፈ እንደ እርስዎ አምስት እጥፍ ያስከፍላል።

የእርስዎ የየወሩ ምዝገባም አይከፋም። ግን ድርሻው በተለወጠ ቁጥር መመሥረቻ ጽሑፉ ይሻሻላል፣ ምዝገባው ይታደሳል። ያንን መንገድ ከመረጡ በ24ኛው ወር አንዴ ያድርጉት። መዝገቡን ደግሞ በየወሩ ሁለቱም ይፈርሙበት። በዓመቱ መጨረሻ በቃል የሚነገር «ያልተከፈለኝ» ሲያጣላ ነው ያየሁት።

የወርክሾፕ ባለቤቱ

የ4 ዓመቱን ነገር ያኔ ባውቀው ኖሮ! ይህንን ጠያቂው ዛሬውኑ ይጻፈው፤ 75ም ይሁን 50።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። እኩል ከሆኑ ሲለያዩ ማን ይወስናል? ውሳኔ የሚያልፈው ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ ነው። 50 ለ50 ግማሽ እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም። አንዱ አዲስ ማሽን እንግዛ፣ ሌላው አንገዛም ቢል ወርክሾፑ ቆመ ማለት ነው። በ75 ለ25 እንዲህ ያለ ነገር የለም።

የሂሳብ ባለሙያዋ

የለም፣ ምክንያቱም አንዱ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ቅዳሜ ብቻ የሚመጣው ሰው የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ይወስናል ማለት ነው።

ሥልጣኑን ይከፋፍሉት። የደንበኛ ዋጋ፣ የሠራተኛ ቅጥር፣ የፕሮፋይል ግዢ እስከ አንድ የብር ጣሪያ ድረስ የሥራ አስኪያጁ ይሁን፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጠያቂው ነው። ብድር መውሰድ፣ ማሽን መሸጥ፣ ሦስተኛ ሰው ማስገባት የሁለቱንም ፊርማ ይጠይቅ። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ሳይስማሙ ቢቀሩ ግን፣ እውነት ነው፣ ይቆማል። ያኔ የሚዳኛቸው፣ ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው በስሙ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ከውጭ ሆኜ ልነግራቸው አልችልም።

የወርክሾፕ ባለቤቱ

እኔ አሁንም 40 ላይ ነኝ፣ አንቺ 50 ላይ። ልዩነታችን 10 በመቶ ነው፤ እሱም ዞሮ ዞሮ የብሩ ዋጋ መውደቅ ነው። ያንን ማን ይሸከም የሚለውን ሁለቱ ተቀምጠው ይነጋገሩበት።

ወንድሜ፣ አንተም አንድ ነገር አልነገርከንም። ጓደኛህ 600,000ውን በ30 ወር መልሶ ማግኘት ይፈልጋል? ወይስ እዚያው ይቆይልኝ ይላል? ጠይቀኸው ታውቃለህ?