«አንድ ቁልፍ ነው የምትጫነው»

ወገኖቼ፣ ዛሬ በሰው ፊት ተዋርጄ ነው የዋልኩት። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ጉዱ እኔ የምሠራበት ፎቶ ቤት የመጣው ያ የነገርኳችሁ የሰርግ አልበም ነው። አራት ሚዜ፣ ሦስቱ አረንጓዴ ቀሚስ፣ አራተኛዋ ቀይ። የሙሽራዋ አክስት «አልበሙ ላይ አራቱም አረንጓዴ ይሁኑልኝ» አለች፣ እኔም እሺ አልኩ። ትናንት ማታ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርቤ ከአንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ቀዩን ቀሚስ አረንጓዴ ሳደርግ አንዷን ፎቶ ጨረስኩ። አዎ፣ አንዷን። ጠዋት ጉርድ ፎቶ የሚነሳው ሰው ወረፋ ይዞ እያለ ሴትዮዋ ገባች።

«እስካሁን አንድ ብቻ?»

«አዎ እትዬ፣ ጊዜ ይፈጃል።»

«ምኑ ነው ጊዜ የሚፈጀው? አንድ ቁልፍ ነው የምትጫነው! የእህቴ ልጅ ቡናው ሁለተኛው ሳይወርድ በስልኩ ሠርቶ አሳየኝ።»

ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ቀሚሱ አረንጓዴ ሆኗል። ልጅቷም አረንጓዴ ሆናለች! ጉንጯ ያልበሰለ ሎሚ መስሏል፣ ከንፈሯ ጎመን፣ የእጇ ሂና የለየለት ሣር።

«እትዬ፣ ፊቷን አይተውታል?»

«ፊቷን ማን ጠየቀህ? እኔ ያልኩህ ቀሚሱን ነው!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። አለቃዬ ከጓሮ «አንተ ልጅ፣ ደንበኛ አታስከፋ፣ ቶሎ ቶሎ በል እንጂ» አለኝ። ቶሎ ቶሎ! ጋሼ እኮ የፎቶ ቤት ባለቤት ነው፣ ሸቀጥ አይደለም የሚሸጠው።

እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር። እኛ ሐበሾች ፊታችን ጠይም ነው፣ ቀይ ነው እንላለን እንጂ ለኮምፒውተሩ ሁላችንም ደብዘዝ ያልን ብርቱካናማ ነን። ቀለማት በክብ ላይ ነው የሚደረደሩት፤ ቀይ ዜሮ ዲግሪ ላይ፣ አረንጓዴ 120 ላይ። ቆዳችን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 35 ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ ማለትም የቀይ የቅርብ ጎረቤት ነው። ፎቶሾፕ ላይ የቀለም መቀየሪያውን `Hue/Saturation` ከፍታችሁ `Reds` ስትመርጡ ቀይን ብቻ የያዛችሁ ይመስላችኋል። እሱ ግን እስከ 15 ዲግሪ ያለውን ሙሉ በሙሉ ይይዝና ከዚያ እየቀነሰ እስከ 45 ድረስ ይዘልቃል። እና ቀሚሱን በ120 ስትገፉት 20 ዲግሪ ላይ ያለው ጉንጭ በመቶ ዲግሪ ገደማ ተገፍቶ እሱም አረንጓዴ ይሆናል። ልጁ የሠራው ይህንን ነው። ስልኩም አልተሳሳተም፤ ቀይ ቀይር ተባለ፣ በቀይ ሰፈር ያገኘውን ሁሉ ቀየረ።

ስለዚህ ለውጡ የት እንደሚታይ የት እንደሚደበቅ የሚወስነው ማስክ የግድ ነው። የቀለም ለውጡን ከፎቶው በላይ በሚነጠፍ ለብቻው ሌየር ላይ ታደርጋላችሁ፣ ማስኩን በ`Ctrl+I` ጥቁር ታደርጉና ለውጡ በሙሉ ይደበቃል፤ ከዚያ በነጭ ብሩሽ ቀሚሱ ላይ ብቻ ትገልጡታላችሁ። ሲወራ ቀላል ነው። ልጅቷ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የቆመችው፤ በእያንዳንዱ ጣት መሀል ቀይ ጨርቅ ብቅ ይላል። ሹሩባዋ ደረቷ ላይ ወርዷል። አጉልቼ ጣት በጣት፣ ጉንጉን በጉንጉን ነው የዞርኩት። ጠርዙን እንደ ምላጭ ብትቆርጡት ከመጽሔት ተቀዶ የተለጠፈ ይመስላል፤ አንድ ፒክሰል ያህል ካላለሰለሳችሁት አይሆንም።

ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፎቶውን ራቅ ብዬ ሳየው አሁንም ውሸት ነው። ለምን? አገጯን ከሥር አየሁት፣ ቀላ ብሏል! ፀሐይ ቀዩን ቀሚስ መትታ አገጯና ክንዷ ላይ ነጥራለች። አረንጓዴ ቀሚስ ደግሞ ቀይ ብርሃን አይረጭም። ማንም ምክንያቱን አይናገርም፤ የሚያየው ሁሉ ግን «አንድ ነገር ደስ አላለኝም» ይላል። ለዚያ ሌላ ሌየር ከፍቼ፣ ቀዩን ብቻ በጣም በስሱ ቀንሼ፣ በለስላሳ ብሩሽ አገጯን ነካ ነካ አደረግኩት። አብዝታችሁት እንደሆነ ፊቷ የሬሳ ይመስላል።

ደግሞ መኪናው አለ። ልጅቷ የቆመችው ነጩ የሙሽራ መኪና ጎን ነው። የበሩ ዙሪያ ክሮም ነው፣ መከላከያውም ክሮም ነው። ክሮም የራሱ ቀለም የለውም፣ ፊቱ የቆመውን ነው የሚያሳየው። መከላከያው ላይ ጠመም ያለች ቀይ ቀሚስ አለች! ቀሚሱን ቀይሬ እሷን ብተዋት አረንጓዴ የለበሰች ልጅ መስተዋት ውስጥ ቀይ ለብሳ ቆመች ማለት ነው። ክሮሙን እንዳለ ላረንጉደው ብል ደግሞ ሰማዩም ብረቱም ይበላሻል። ነጸብራቋን ብቻ ለይቼ፣ ቀጭኗን መስመር ተከትዬ ለብቻዋ ቀየርኳት። ለዚህ አርባ ደቂቃ ሄደ። «አንድ ቁልፍ!»

መኪና ካነሳሁ አይቀር፣ በጥር የመጣውን ሰውዬ አስታወሳችሁት? «ነጩን መኪናዬን ጥቁር አድርግልኝ፣ ቀለም መቀየር ነው» ያለውን። ነጭ እኮ የሚገፋ ቀለም የለውም፤ `Hue` የሚለውን መስመር ወዲህ ወዲያ ብትጎትቱት ንቅንቅ አይልም። ብርሃኑን ካወረዳችሁት ደግሞ ከሰል የተቀባ መኪና ነው የሚወጣው፤ ምክንያቱም ጥቁር መኪና ሰማዩንና ዛፉን እንደ መስተዋት ያሳያል፣ በነጩ ላይ ግን ያ ነጸብራቅ እምብዛም አይታይም። የሌለውን ከየት አመጣለሁ? አይሆንም ስለው «አትችልም በለኛ!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። እሱም አልወጣልኝም እስከ ዛሬ።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ፎቶውን የላከችልኝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመውን መሆኑ ነው። «እንደ ፋይል ይላኩልኝ» ብዬ ለምኛለሁ፤ «ያው ፎቶ አይደል?» አለችኝ። ያው አይደለም! ፎቶ ሲጨመቅ ብርሃኑ በሙሉ ይቀመጣል፣ ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ በወርዱም በቁመቱም በግማሽ ይቀነሳል። ስለዚህ ቀዩ ከቀሚሱ ጠርዝ አልፎ ቆዳው ላይ ይፈስሳል። ማስኬ ምንም ቢስተካከል በክንዷ ዳር ቀይ ክር ቀረ፤ እሱንም ፒክሰል ፒክሰል አለቀምኩት። ዋናው ፋይል ያለው ካሜራማኑ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሌላ ሰርግ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም።

ሌላም አለ፤ ደማቅ ቀይን በ120 ስትገፉት የሚወጣው የሰርግ አረንጓዴ አይደለም፣ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ነው። የሦስቱ ቀሚስ ጠቆር ያለ ነው። ድምቀቱን ወደ ግማሽ አካባቢ አወረድኩ፣ ከዚያ የእነሱን የብርሃን ቦታና የጥላ እጥፋት እያየሁ አስተካከልኩ። አንዱን ቦታ ብቻ አይታችሁ ብታስተካክሉ ብርሃኑ ይገጥምና ጥላው ይለያል።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አየችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ያንተው ዘገየ እንጂ ምን ለየው?»

ምን ልመልስ? ፊቷን የልጅቷን አሳየኋት፣ አገጯን አሳየኋት፣ መከላከያውን አሳየኋት። «ማን መከላከያ ያያል?» አለችኝ። ከዋጋውም መቶ ብር ቀንስ አለችኝ፣ ጋሼም ቀነሰላት፣ እኔን ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ።

ያቺው ቀይ ቀሚስ ያለችበት አሥራ አንድ ፎቶ ቀርቶኛል። በአንዱ ላይ ሚዜዋ ሕፃን አቅፋለች፤ የሕፃኑ ጉንጭ ቀሚሱ ላይ ተጣብቋል፣ ግማሹ ፊቱ ቀይ በቀይ ነው። መብራት አሁን ሄደ። ሴትዮዋ ነገ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ ብላለች።