«ለሁላችሁም» ላሉ ሙሽሮች የቀረበ ምስጋና

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለውን ጊዜ ጎንደር ውስጥ የኖረ ያውቀዋል። ዳስ ያልተጣለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ፋሲል ግንብ ላይ ሙሽሮች ለፎቶ ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ቬሎ ሲወጣ ሌላው ቬሎ ይገባል። ከዚያ ሰርጉ ያልቃል፣ መልሱ ያልፋል፣ ድንኳኑ ይፈርሳል። በሦስተኛው ቀን ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ ብቅ ይላል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «በሰርጋችን ላይ ለተገኛችሁም፣ ላልተገኛችሁም፣ በሐሳብ ከእኛ ጋር ለነበራችሁም፣ ለሁላችሁም እናመሰግናለን።»

አለቀ። 600 ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሸኘ። እኔ ብቻዬን ቤቴ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ።

መጀመሪያ የማደንቀው ፍትሐዊነቱን ነው። ሁለት ሌሊት ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ያበጠው ጎረቤት አለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን ሲያመላልስ የዋለ የሰፈር ልጅ አለ። ስድስት ሰዓት ላይ ደርሶ፣ ክትፎው አልቋል ሲባል ተኮሳትሮ፣ ጠላውን አጣጥሎ የሄደም ዘመድ አለ። ሦስቱም እኩል ተመሰገኑ። እንዲያውም ያልመጣው ሰው ከእነሱ ጋር እኩል ድርሻ ደረሰው። በምድር ላይ እንዲህ ያለ እኩልነት የት ይገኛል? ሽንኩርቷን የከተፈችው ሴትዮ ፌስቡክ የላትም፤ እሱ የራሷ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ለሕዝባችን ያተረፈልን ልብ አንጠልጣይነት ነው። የሙሽራዋ አክስት ከሩቅ አገር ገንዘብ ልካለች። አንዱ አጎት መምጣት ስላልቻለ በቴሌብር ልኳል። ሌላው ፖስታውን ለማያውቀው ጎረምሳ ዳሱ በር ላይ ሰጥቶ ገብቷል። ሦስቱም ደርሶ እንደሆነ አያውቁም። «የላኩት ደረሰ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው፤ የሰጡትን መቁጠር ይሆናል። ስለዚህ ዝም ይላሉ። አክስት ለእናት ትደውላለች፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች፣ ስለ ወገቧ ታወራለች፣ ዋናውን ሳታነሣ ትዘጋለች። ሙሽሮቹ አንድ መስመር ጽፈው ይህን ሁሉ ደስታ ቢያበላሹባት ምን ይባላል?

ከዚህ የላቁም አሉ። አንዱን መልእክት አሳምረው ይጽፉና ለሁሉም በቴሌግራም ያስተላልፉታል። ተቀባዩ ሲከፍተው ከላይ Forwarded from የሚል ያያል። የተጻፈው ለእሱ እንዳልሆነ ወዲያው ስለሚገባው በከንቱ አይደሰትም፤ ይህም ቁጠባ ነው። ኮፒ የሚያደርጉት ደግሞ የባሰ ብልጠት አላቸው። ሙሽራው ለጓደኛው የጻፈውን ስሙን ብቻ ቀይሮ ለክርስትና እናቱ ይልካል፦ «ውድ እናቴ፣ ሰርጌ ላይ ስለተገኘህልኝ አመሰግንሃለሁ፣ አንተ ወንድ ነህ!» ሴትዮዋ መልእክቱን ለቡና ማኅበርተኞቿ በሙሉ አስነብባለች። በዚህ የኑሮ ውድነት ሰውን ያሳቀ ይመረቅ እንጂ አይወቀስም።

ይህን የመሰለ ባህል የሚያፈርስ ሰው መቼም አይጠፋም። ዘንድሮ አዘዞ በኩል አንድ ጥንድ ተነሥቶብናል። ድርጊታቸውን በዝርዝር የምጽፈው ሌላው እንዲጠነቀቅ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው በሰርጉ ዕለት ዳሱ በር ላይ ነው። እንደማንኛውም ቤት ስጦታ የሚመዘገብበት ደብተር ነበር። እኛ የምናውቀው ደብተር ስምና ብር ይዞ ይቀመጣል፤ ነገ ብድር ሲመለስ ማመሳከሪያ ነውና በቂ ነው። እነዚህ ግን ሁለት መስመር ጨመሩ። አንዱ ስልክ ቁጥር ነው። ሌላው «ምን አደረገ» ይላል። የሙሽራዋ እህት ደብተሩን ይዛ ወጥ ቤት ድረስ እየገባች ማን እንደጋገረ፣ ማን እንዳረደ፣ ማን ወንበር እንደተሸከመ ስትጽፍ ዋለች። በማግስቱ ቢጻፍ ግማሹ ይረሳ ነበር። መርሳት ደግሞ ጥሩ ሰበብ ነው፤ ሆን ብለው ሰበባቸውን አቃጠሉ።

ቀጥሎ 600ውን እንግዳ በቤት በቤት ቆጠሩት። ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጅ አንድ ምስጋና ነው የሚቀበሉት። 170 ቤት ሆነ። ከዚህ ውስጥ 40ውን ለብቻ አወጡ፤ ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባት፣ የክርስትና ወላጆች፣ ትልልቅ አክስቶች። ለእነዚህ ጽሑፍ አይላክም፣ ይደወላል ወይም ቤታቸው ይኬዳል አሉ። 30ው በጋራ የሰጡ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞችና የእድሩ ሰዎች። ለነሱ ለየቡድኑ አንድ ደብዳቤ፣ ውስጡ ግን የእያንዳንዱ ስም። የቀረው 100 ብቻ ሆነ። 600 ብለን የምንፈራበትን ቁጥር 100 አድርገው አረከሱት።

100ውን እኩል ለሁለት ተካፈሉ፤ እሷ የእሷን ወገን፣ እሱ የእሱን። በየማታው እያንዳንዳቸው አሥር ይጽፋሉ፣ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ያህል። ግማሽ ሰዓት መሆኑ ነው። በአምስት ማታ ጨረሱ። እኔ ለፌስቡኩ ፎቶ ማሳመሪያ ብቻ ከዚህ የበለጠ ጊዜ የፈጀ ሙሽራ አውቃለሁ።

ፍጥነቱ የመጣው መግቢያውና መዝጊያው አስቀድሞ ስለተጻፈ ነው። መግቢያው ሰላምታ፣ መዝጊያው «ቤታችሁ ቤታችን ነው፣ ብቅ በሉ» የሚል። ለየሰው የሚለወጠው መሐሉ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ደብተሩ ላይ «ምን አደረገ» ከሚለው ይገለበጣል። እዚህ ላይ ያሳዩት ተንኮል ይገርማል። ስልካቸው ላይ ያስቀመጡት አንድ ናሙና ሳይሆን አራት ነው፤ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእርስዎ፣ ለእናንተ። በአንድ ማታም የሚጽፉት ለአንዱ ዓይነት ብቻ ነው። «እርስዎ» የሚባሉት ሰኞ ካለቁ፣ ማክሰኞ «አንቺ» ይጀመራል። እጅ አንዴ ከለመደ ግሱ አይሳሳትም። ያችን የክርስትና እናት ያሳቀ ጨዋታ እነሱ ቤት አይገኝም።

ለጋጋሪዋ የላኩትን አይቼዋለሁ፦

«እታለም፣ ሁለት ሌሊት የጋገርሽው እንጀራ እስከ መልስ ደረሰልን። እግዜር ይስጥልን።»

ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 52 ነው። ይህ ቁጥር በከንቱ አልመጣም። ጋጋሪዋ የያዘችው ተራ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም አይገባውም። ተራ የስልክ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ካለፈ ይከፈላል፣ እንደ ሁለት መልእክትም ይታሰባል። 70 ደግሞ ለስም፣ ላደረገችው ነገርና ለምርቃት ይበቃል። የሚቀረው ቢኖር «በሕይወታችን ትልቁ ቀን ላይ ስለነበራችሁ ልዩ ቦታ» የሚለው ነው፤ እሱ ቢቀር የከፋው አልሰማሁም። ፊደላችንን የማያነቡ አሮጌ ስልኮችም አሉ፤ ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳያሉ። ደንቢያ ላሉ ሁለት ዘመዶች እንዲያ ስለሆነ ደወሉላቸው።

ስለ ገንዘብ ሲጽፉም ብሩን አይጠሩም። ስልክ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ የአንዱ ቁጥር ለሌላው መመዘኛ ይሆናል። «የላክልን በዕለቱ ደርሶናል» ብለው ያደረጉበትን ይጨምራሉ፦ «አልጋውን ገዛንበት።» የሩቅ ላኪዎችን ደግሞ ቅደም ተከተል አላስጠበቁም፤ ገንዘቡ በገባበት ሌሊት መለሱላቸው። አክስቲቱ አሁን ስትደውል በቀጥታ ስለ አልጋው ነው የምትጠይቀው። ስለ ወገቧ የምንሰማው ዜና ተቋረጠ።

ከሁሉ ቀድመው ያመሰገኑት ግን የሠሩትን ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ። የተዋሱት ድስትና ትሪ ለማንኛውም መመለሱ አይቀርም። ዕቃ ባዶውን አይመለስም የሚሉ እናቶች ስላሉ ድፎ ዳቦ ቆርሰው አስገቡበት፣ ከላይ በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት አኖሩ። ውሃ ያመላለሱትን ልጆች አንድ ላይ ጠርተው ምሳ አበሏቸው፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ አመሰገኑ። ከልጆቹ አንዱ ቀጣዩ ሰርግ የማን እንደሆነ ከወዲሁ እየጠየቀ ነው። በዚህ አያያዝ የሰፈር ልጅ ወደፊት ሳይለመን ሊመጣ ነው። ልመናችን ምን ሊሆን ነው?

አንድ ነገር ግን አልሆነላቸውም፣ እሱ ትንሽ አጽናንቶኛል። ስማቸው ደብተሩ ላይ ያልገባ ሰዎች ነበሩ፤ በጓሮ በር ገብተው ዕቃ አጥበው የሄዱ። በጽሑፍ ማግኘት አልተቻለም። ለመልሱ የተነሣውን ፎቶና ቪዲዮ ከእናትየው ጋር እያዩ፣ ከኋላ ጎንበስ ያለውን ሰው ሁሉ «ይቺ ማናት?» እያሉ ለቀሙ። አራት ተገኙ። ሌሎቹ ጀርባቸው ብቻ ስለሚታይ አመለጡ።

የእድሩ ደብዳቤ በወሩ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ጸሐፊው ቆሞ የወንበር ተሸካሚዎቹን፣ የድንኳን ጣዮቹን፣ ሌሊቱን ዕቃ የጠበቁትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠራ። ስማቸው የተጠራ ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እዚያው ስብሰባ ላይ በዚያው ሳምንት የደገሱ ሌሎች ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ፌስቡክ ላይ በሚገባ አመስግነዋል። አንደኛው አባወራ ሰዓቱን አየና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ብንሄድ አለ።

የሚቀጥለው አጀንዳ ከጥር ጀምሮ ያልተመለሱ ሦስት ብረት ድስቶች ነበሩ።