እርማት፦ ቡናማ ፎቶ ሁሉ የምኒልክ ዘመን አይደለም

«ይህ የድሬዳዋ ፎቶ ቡናማ ስለሆነ በምኒልክ ዘመን የተነሳ ነው፤ የተቀመጡትም ቅድመ አያታችን ናቸው።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀለሙ ብቻውን ዘመን አይናገርም። ፎቶ ቤቶች ጥቁርና ነጩን ፎቶ ሆን ብለው በኬሚካል ቡናማ ያደርጉ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ብር ወደ ብር ሰልፋይድ ሲቀየር ፎቶው ቡናማ ይሆናል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ይህ ሥራ ምኒልክ ካረፉ ከ1913 እ.ኤ.አ. በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል።

መታየት ያለበት ወረቀቱ ነው። በፎቶው ላይ ነጭ የሆነውን ቦታ፣ ለምሳሌ የለበሱትን ነጠላ፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይዩት። በእንቁላል ነጭ የተቀባው የድሮ ወረቀት ላይ የወረቀቱ ክሮች ይታያሉ፤ ስስ ስለሆነም አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በጄላቲን የተቀባው ወረቀት ግን ክሩን የሚሸፍን ነጭ ንጣፍ አለው። ሲያረጅም ዘንበል አድርገው ቢያዩት፣ ጥቁሩ ቦታ በተለይ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ እያለ ሊያብረቀርቅ ይችላል። ይሁንና የጄላቲን ወረቀት በምኒልክ ጊዜም ስለነበረ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

በእርስዎ ፎቶ ላይ ማስረጃው አለ፦ ካርቶን የለውም፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ነው፣ በሰውየው ግራ እጅ ላይም የእጅ ሰዓት ይታያል። እንዲህ ያለ ጠርዝ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በኋላ የተለመደ ነው። ኮቱን አልቆጥረውም፤ የፎቶ ቤቱ ውሰት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን ከቅድመ አያትዎ ሳይሆን ከአያትዎ ትውልድ ይፈልጉ።