ሲስተር ተኝታለች

ሐዋሳ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ታናሽ እህቴ ከናይት ወጥታ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ደረሰች። ጫማዋን አውልቃ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት እማማ ናቸው።

«ሲስተር መጣሽ? እስቲ ግፊቴን ለኪልኝ።»

ለክታላቸው ተኛች። 4 ሰዓት ላይ ለቡና ተጠራች። 6 ሰዓት ላይ የዕድር ሰው መጣ። ደሜ ፈላ።

እኔም ጀርመን የናይት ነርስ ነኝ። እዚያ የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት መንጫጫት ክልክል ነው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ያኔ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ቢሆንም ቀን ግፊት ለኪልኝ የሚለኝ የለም። እኛ ጋ ግን ቀን ቤቱ የተገኘ ሰው ሥራ ፈት ነው።

«ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ነገ ኦፍ ነኝ፣ ማታ እተኛለሁ» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ይህንን ስንቴ ለራሴ ብዬዋለሁ! ከናይት የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ከተኛ፣ ሲመሽ ሰውነቱ ሥራ መግቢያው የደረሰ ይመስለዋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጭራሽ ይርበዋል። እሷም በየኦፏ ጣሪያ ስታይ ነው የምታድረው።

በማግስቱ በሩ ላይ እኔ ቆምኩ። «ሲስተር ተኝታለች» እያልኩ ሰው መለስኩ። ከ3 እስከ 5 ሰዓት አስተኛኋትና ብርድ ልብሷን ገፍፌ አስነሳኋት። ተነጫነጨች። 6 ሰዓት ላይ አንድ ስኒ ቡና ፈቀድኩላት። ከዚያ በኋላ የለም፤ ቡና ከተጠጣ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ግማሹ ደም ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወሰድኳት። አንጎል ቀን መሆኑን የሚያውቀው በብርሃን ስለሆነ የፀሐይ መነጽሯን ቀማኋት። አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ፊት ተቀምጣ አንገቷ ሲወድቅ፣ አጠገባችን የቆመው አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ከእሷ የነቃ ነበር። ቀስቅሼ አስኬድኳት።

10 ሰዓት ላይ እማማ ቡና አፈሉ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ «ምን አስቀየምኩሽ?» ይመጣል። አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም የእሷን ስኒ እየተቀበልኩ እኔ ጠጣሁላት። ስድስት ስኒ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ተኛች። ባጃጅ ጮኸ፣ ውሻ ጮኸ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ጀመረ። ንቅንቅ አላለችም። ይህን ሁሉ የማውቀው ስድስቱ ስኒ እስኪነጋ ስላስቆጠረኝ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተንጠራራች። ጉንጯ ላይ የትራሱ ጥልፍ ታትሟል።

«ነጋ እንዴ? አንድም ጊዜ አልነቃሁም እኮ!» አለች። ከዚያ አየችኝ። «አንቺ ግን ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

በሩ ተንኳኳ።

«ተኚ» አልኳትና የግፊት መለኪያውን ይዤ ወጣሁ።