ማን እየከፈለው እንደሆነ ጠይቁ

የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያ ወገኖች ሆይ! የመንግሥት ዕዳ በተነሳ ቁጥር አንድ ትልቅ ቁጥር ትጠራላችሁ፣ ትደነግጣላችሁ፣ ከዚያ ትተዉታላችሁ። ይህ አይበቃም። ዕዳው በስንት ወለድ ይጨምራል? የሀገሪቱ ምርት በስንት ያድጋል? መንግሥትስ ወለድ ሳይቆጠር ከገቢው ያተርፋል ወይስ ያጎድላል? ሦስቱን ሳታውቁ ስለ ዕዳ አትፍረዱ።

እስቲ አብረን እናስላ። የዓመቱ ምርት 100፣ ዕዳው 60 ይሁን። ወለዱ 10 በመቶ ከሆነ ዕዳው 66 ይደርሳል። ምርቱ በ5 በመቶ አድጎ 105 ቢሆን፣ የዚህ 60 በመቶ 63 ነው። ስለዚህ ዕዳው ከምርቱ አንጻር ባለበት እንዲቆይ መንግሥት ከወለድ ውጭ ካለው ወጪው በላይ 3 መሰብሰብ አለበት። ካልሰበሰበ ወለዱን በአዲስ ብድር ይከፍላል፤ ዕዳውም ወደ 63 በመቶ ይጠጋል። ምርቱ በ15 በመቶ ቢያድግ ግን 115 ስለሚሆን፣ 3 ቢያጎድል እንኳ ዕዳው ከ60 በመቶ አያልፍም።

የምትታለሉት እዚህ ላይ ነው። ያ 15 በመቶ በብር የተቆጠረ ዕድገት ነውና የዋጋ ንረትም በውስጡ አለ። በ2014 እና በ2015 ንረቱ 30 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ ሲሆን፣ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ያኔ የብር ዕዳው ከምርቱ አንጻር ቀለለ፤ የቀለለው ግን ከቆጣቢው ደብተር ላይ ነው። «ዕዳው ወረደ» ሲሏችሁ ቶሎ አታጨብጭቡ።

የዶላር ዕዳን ደግሞ የብር ንረት አያቀልለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በምሳሌያችን ከ60ው ግማሹ የዶላር ዕዳ ቢሆን፣ 30ው ወደ 60 ያድግና ጠቅላላው 90 ይሆናል። አንድ ሳንቲም ሳይበደሩ! ምርቱ ደግሞ በአንድ ሌሊት እጥፍ አይሆንም።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሃራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው የባቡር መስመር በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል፣ በአብዛኛው በውጭ ብድር የተጀመረ ነው። በግንባታው ወቅት ስንቶቻችሁ ብድሩ ተመልሶ የሚከፈልበት ዶላር ከየት እንደሚመጣ ጠየቃችሁ? ባቡሩ ሥራ ቢጀምርም ከተሳፋሪ የሚሰበስበው ብር ነው። ዶላር የሚያመጣው የውጭ ንግድ ጭነት ሲበዛለት ብቻ ነው፤ ቆሞም ቢሆን ወለዱ ይቆጠራል።

ነጋዴዎች፣ ያ 3 ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? የሀገሪቱ የግብር ገቢ ከምርቷ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያለ ደረሰኝ እየሸጣችሁ አዲስ መንገድ ስትጠይቁ፣ መንግሥት እንዲበደር እየጠየቃችሁ ነው። ደረሰኙን ቁረጡ። ከዚያም ሹሙ ፕሮጀክት ይዞ ሲመጣ በስብሰባው መሐል ተነሱና ጠይቁት፦ ብድሩ በየትኛው ገንዘብ ነው? ወለዱ ስንት ነው? ክፍያው መቼ ይጀምራል? በዚያን ጊዜ ሥራው በዓመት ስንት ዶላር ያስገባል?