ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት ዝናብ

ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን ካልተናገርሁ አይወጣልኝም። ባለፈው ነሐሴ እህቴ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። አስጎብኚው ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ግቢ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም፣ ከዚያም የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት አሳያቸው። የጀጎልን ግንብና በሮቹን ለከሰዓት አቆየ። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። የድንጋዩ መተላለፊያ ጅረት ሆነ፤ ትንሿ ልጅ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሰውዬው አንድ ሱቅ ጣሪያ ስር አቁሟቸው «እስኪያባራ እንጠብቅ» አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ!

እኔን ያቃጠለኝ ዝናቡ አይደለም። በነሐሴ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ እንደሚዘንብ የማያውቅ የሐረር ሰው የለም። ታዲያ ጣሪያ ያለውን ሁሉ ጠዋት ጨርሶ ሜዳውን ለዝናብ ማስቀመጥ ምን ይሉታል? ግንቡና ገበያው ጠዋት፣ ሙዚየሙ ከሰዓት። ይኸው ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ምን ያህል ይዘንባል፣ ምን ያህልስ እናወጣለን የሚለው ነው። ግማሽ ሰዓት ለሚቆይ ካፊያ የቡና ዋጋ ይበቃል። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ስፌት ቤት ገብቶ ልብስ ሲሰፋ ማየት በነጻ ነው። ሁለት ሰዓት ለሚዘልቅ ዶፍ ሙዚየሞቹ አሉ፤ ግን የመግቢያው ክፍያ በየቤቱ ለየብቻ ነውና አምስት ሰው ይዞ ሲገቡ ይከብዳል። ለምሳ የሚዘጉ ስላሉም ሰዓቱን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመካከል ያለው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የሐረሪ ቤት ነው። ለባለቤቷ ጥቂት ብር ይሰጣል፣ አንድ ሰዓት ይሞላል። ነገር ግን ሰው የሚኖርበት ቤት ነውና ቀድሞ መደወል ግድ ነው፤ አስጎብኚው አልደወለም። እኔ ለጎረቤቴ ደወልሁ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ደረጃ በደረጃ ከፍ ባሉት አምስት መደቦች፣ ነደባ በሚባሉት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ወይዘሮዋ አስረዱ። ቀይ የተቀባው ወለል በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለው ምንጣፍ ግን ልጆቹን ያዛቸው፤ ያላገባች ልጅ በቤቱ እንዳለች ይነግራል። ትንሿ ልጅ «እማማ፣ የእኛስ ምንጣፍ የት አለ?» ብላ እናቷን ጠየቀች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ወይዘሮዋ ሻማ ለኮሱ፤ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሰፌዶች በሻማው ብርሃን ደመቁ።

አስጎብኚው ይህን ሁሉ ደጅ ቆሞ ጠበቀ፤ ማታ የሙሉ ቀን ዋጋውን ከእህቴ ተቀበለ። ክፍያውን ሲጠይቅ፣ በዝናቡ ውስጥ ያቆማቸውን አንድ ሰዓት ተኩል አልቀነሰም።