ለክቡር የስብሰባ ጥሪ ኢሜይል፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ 10 ሰዓት ሲሉ የማንን 10 ሰዓት ማለትዎ እንደ ነበር ማብራሪያ መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በየካቲት መጨረሻ ወደ መልእክት ሳጥናችን ሲገቡ ርዕስዎ «ስብሰባ» የሚል ብቻ ነበር። ሙሉ ቃልዎም ይኸው ነው፦ «ማክሰኞ መጋቢት 8 በ10 ሰዓት (ዋሽንግተን ጠዋት 8 ሰዓት) በበጀቱ ላይ ስለምንወያይ ሁላችሁም ተዘጋጅታችሁ እንድትገኙ እናሳስባለን።» በአንዲት ዐረፍተ ነገር አራት ከተማ ማሳሳት ለማንም የሚሰጥ ችሎታ አይደለምና አድናቆታችንን እንገልጻለን።

ዱባይ ያለችው ባልደረባችን ውላ የምታድረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 10 ሰዓትን ከረፋዱ 10:00 ብላ ተረዳችው። በሰዓቷ ገብታ ባዶ ስክሪን ስትጠብቅ እኛ አዲስ አበባ ገና የጠዋቱን 3 ሰዓት ቡና እየጠጣን ነበር። ስብሰባው በእርሷ 17:00 ሲጀመር ሌላ ሥራ ይዛለች። ፍራንክፈርት ያለው ወንድማችን ጠንቃቃ ሰው በመሆኑ «10 ሰዓት በማን?» ብሎ አስቀድሞ ጽፎ ነበር፤ «በእኛ» የሚል መልስ ተሰጠው።

የዋሽንግተኗ ግን የተለየች ናት፤ ለእርሷ በቅንፍ ተጨንቀውላታልና። ጭንቀትዎ ከየካቲቱ ስብሰባ ጥሪ የተገለበጠ መሆኑ ብቻ ነው ጉዱ። በየካቲት ልዩነታችን 8 ሰዓት ስለነበር የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ማለትም 16:00፣ ለእርሷ በእርግጥ 8:00 ነበር። ሆኖም አሜሪካውያን በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ፣ ዘንድሮ ማርች 8 ቀን 2026፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲገፉ እኛ ዓመቱን ሙሉ ስለማንነካው ልዩነቱ ወደ 7 ወርዶ ስብሰባው በእርሷ 9:00 ሆነ። ሴትየዋ በ8:00 ገብታ እስከ 8:40 ጠብቃ «ተሰርዟል ማለት ነው» ብላ ወጣች። በነገራችን ላይ፣ መጋቢት 8ን ማርች 8 ብላ በባዶ እሑድ ያልገባችው «ማክሰኞ» የሚለው ቃል ስላዳናት ነው፤ በጥሪዎ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራ ቃል እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ተዘጋጅታችሁ» ስላሉት ደግሞ ሁላችንም ታዝዘናል። አንዱ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር አንብቦ መጣ፣ ሌላው ሸሚዙን ተኩሶ። አባሪ አልነበረዎትምና የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃዎች ያሳለፍነው በስክሪን ላይ የተጋራ ሠንጠረዥ ለማንበብ ዓይናችንን በማጥበብ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እንዲሆንዎ፣ እኔው በድፍረት እንዲህ አርሜዎታለሁ፦

«ርዕስ፦ የሥልጠና በጀት ውሳኔ፣ ማክሰኞ መጋቢት 8 (ማርች 17)።
ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. (ማርች 17 ቀን 2026)፣ ለ45 ደቂቃ። አዲስ አበባ 16:00 (በሀበሻ ሰዓት ከቀኑ 10)፤ ዱባይ 17:00፤ ፍራንክፈርት 14:00፤ ዋሽንግተን ጠዋት 9:00። የምንወስነው፦ ሥልጠናውን በአካል ወይስ በርቀት እንስጥ? ከተያያዘው ሠንጠረዥ ገጽ 2ን ብቻ አንብቡ፤ የየከተማችሁንም ወጪ ግምት እስከ ሰኞ ማታ ሙሉ።»

«ላክ» የሚለውን ቁልፍ ልጫን ስል ቆም ብዬ ደግሜ ባነበው «ሰኞ ማታ» አፈጠጠብኝ። ማታው የማን ነው? እኛ ስንተኛ ዋሽንግተን ገና ከቀትር በኋላ ናት። «ሰኞ 18:00 በአዲስ አበባ» ብዬ ቀየርኩት። እርስዎን ለመውቀስ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ከሳተ፣ የጻፈ ሰው ብቻውን ቢያነብብዎ ስሕተትዎ እንደማይታየው ገብቶኛል። ከዚያ ወዲህ ረቂቁን አስቀድሜ ለአንድ የውጭ ባልደረባ እልካለሁ፤ «ግልጽ ነው?» ብዬ ግን አልጠይቅም፣ ለዚህ ሁሉም «አዎ» ይላልና። «በአንቺ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ ትገቢያለሽ? ምን ይዘሽ?» እላለሁ። መልሷ ከእኔ ሐሳብ ጋር ካልገጠመ ስሕተቱ የእርስዎ ነው።

የካሌንደር ግብዣም አብረው ቢይዙ፣ የሰዓት ክልሉም `Africa/Addis_Ababa` ተብሎ ቢሞላ፣ የየሰው ካሌንደር ሰዓቱን በራሱ ይለውጠዋል። ያም ሆኖ በየወሩ የሚደጋገም ስብሰባ በእኛ ሰዓት ተተክሎ ስለሚቀር፣ በማርችና በኖቬምበር ለዋሽንግተን አንድ ሰዓት መንሸራተቱን በአንድ መስመር ቢያስታውሱ ክብርዎ አይቀነስም።

ከሠላምታ ጋር፣
ከተጠሪዎቹ አንዱ

ግልባጭ፦
ለዱባይ፣ ለፍራንክፈርት፣ ለዋሽንግተን
ለ«እኛ»፣ ማን እንደ ሆኑ ሲታወቅ